ብር በተዳከመበት ወር አማካዩ የሚደብቀው ዋጋ

«ወሩ ሲጀምር ካለፈው ወር የተላለፈ ያላለቀ ምርት አለን። አለቃዬ የሁለቱንም ወር ወጪ ደምረሽ አካፍይ ይለኛል። ኦዲተሩም ምንም አላለም። በፊፎ መልፋት ለምን ያስፈልገኛል?»

ጠያቂዋ በአንድ ሳሙና ፋብሪካ የኮስት ሒሳብ የምትሠራ ልጅ ናት። ፊፎ የምትለው «ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል» የሚለውን፣ ያለፈውን ወር ወጪ ከዚህ ወር ለይቶ የሚያሰላ ዘዴ ነው።

አለቃሽ ደንብ አልጣሰም። አይኤኤስ 2 የሚባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃ አንዱ ከሌላው ለማይለይ ምርት ፊፎንም፣ አለቃሽ የሚጠቀምበትን አማካይ ማለትም ዌትድ አቨሬጅንም ይፈቅዳል። የማይፈቀደው ላይፎ፣ «መጨረሻ የገባ ቀድሞ ይወጣል» የሚለው ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2003 በተደረገ ማሻሻያ ወጣ። ኦዲተሩ ዝም ያለው ለዚህ ነው። እሱ የሚፈልገው የመረጣችሁትን ዘዴ በየዓመቱ እንዳትቀያይሩ ነው። የእኔ ክርክር ግን ከኦዲተሩ ጋር አይደለም። ዋጋ ከሚተምነው ሰው ጋር ነው።

ዋጋ ረጋ ባለበት ጊዜ ይህ ክርክር የክፍል ውስጥ ጨዋታ ነው። ሁለቱም ዘዴ ያው ቁጥር ይሰጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ግን ነገሩ ተለወጠ። ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ፓልም ኦይልና ኮስቲክ ሶዳ ከውጭ የሚያስገባ የሳሙና ፋብሪካ የሐምሌና የነሐሴ ወጪው አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። እስቲ ያንን ነሐሴ እንውሰድ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል እኔ ያዘጋጀኋቸው ናቸው፣ ሒሳቡ እንዲቀልም አድርጌያቸዋለሁ።

በማብሰያ ክፍሉ ነሐሴ 1 ቀን ጋን ውስጥ 2,000 ኪሎ ያላለቀ ሳሙና አለ። ጥሬ ዕቃው በሙሉ ሐምሌ ላይ ገብቷል፣ በኪሎ በ80 ብር፤ 160,000 ብር ማለት ነው። የጉልበቱና የፋብሪካ ወጪው ሥራ ደግሞ ግማሽ ላይ ደርሷል፤ ለእሱ 20,000 ብር ወጥቷል። በነሐሴ ሌላ 10,000 ኪሎ ተጀመረ። ጥሬ ዕቃው አሁን በኪሎ 110 ብር ገብቷል፣ በጠቅላላው 1,100,000 ብር። የወሩ የጉልበትና የፋብሪካ ወጪ 225,000 ብር ነው። ወሩ ሲያልቅ 9,000 ኪሎ አልቆ ወደ ቀጣዩ ክፍል ተላልፏል። 3,000 ኪሎ ጋን ውስጥ ቀርቷል፤ ጥሬ ዕቃው ሙሉ ገብቶለታል፣ የጉልበቱ ሥራ ግን ሲሶው ብቻ ነው ያለቀው።

አለቃሽ እንዳለው እናስላ። ያለቀው 9,000 እና የቀረው 3,000 ሲደመሩ በጥሬ ዕቃ በኩል 12,000 ኪሎ ይሆናሉ። የሁለቱ ወር ጥሬ ዕቃ 1,260,000 ብር ነው። ስናካፍለው በኪሎ 105 ብር ይመጣል። በጉልበት በኩል ከቀረው 3,000 ኪሎ ሲሶው ብቻ ስለሚቆጠር 10,000 ኪሎ አቻ ምርት ይሆናል፤ ያላለቀው ሥራ ወደ ሙሉ ኪሎ ተቀይሮ ሲቆጠር ማለት ነው። 245,000 ብር ለእሱ ሲካፈል 24 ብር ከ50 ነው። አንድ ኪሎ በድምሩ 129 ብር ከ50 ሳንቲም ወጣበት እንላለን።

አሁን ጥያቄውን እንቀይረው። በነሐሴ ብር፣ በነሐሴ ጉልበት፣ የተሠራው ምን ያህል ነው? ከሐምሌ ለመጣው 2,000 ኪሎ በነሐሴ ጥሬ ዕቃ አልገባለትም። ስለዚህ በጥሬ ዕቃ በኩል አይቆጠርም። ነሐሴ ላይ ተጀምሮ እዚያው ያለቀ 7,000 እና ገና ያላለቀ 3,000 ብቻ አለ፤ 10,000 ኪሎ። 1,100,000 ብር ለ10,000 ሲካፈል 110 ብር። በጉልበት በኩል የድሮውን 2,000 ለመጨረስ የቀረው ግማሹ ነበር፣ ማለትም 1,000። ተጀምሮ ያለቀው 7,000፣ ከቀረው ደግሞ 1,000 ይጨመራል። 9,000 ሆነ። 225,000 ብር ለእሱ ሲካፈል 25 ብር። ፊፎ የሚለው በነሐሴ አንድ ኪሎ ለማብሰል 135 ብር እንደወጣ ነው።

ልዩነቱ በኪሎ 5 ብር ከ50 ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን የሽያጭ ኃላፊው በወሩ መጨረሻ ለአንድ አከፋፋይ 10,000 ኪሎ በወጪ ላይ 10 በመቶ ጨምሮ ዋጋ ሊሰጥ ነው እንበል። ቀጣዮቹን ክፍሎች ለጊዜው እንተዋቸው። 129 ብር ከ50ን ይዞ 142 ብር ከ45 ይላል። በኪሎ 12 ብር ከ95 አተርፋለሁ ብሎ ያስባል። ሳሙናው ግን የሚበስለው በ135 ብር ነው። የሚተርፈው 7 ብር ከ45 ይሆናል። በ10,000 ኪሎ ላይ 55,000 ብር ሄደ። ማንም አልሰረቀም። አማካዩ ውስጥ የሐምሌ ርካሽ ዘይት ተቀላቅሎ ስለነበር ነው። ያ ዘይት ደግሞ አልቋል፤ በ80 ብር ሁለተኛ አይመጣም።

እኔ ራሴ ድሮ በሠራሁበት አንድ ፋብሪካ ይህን አይቻለሁ። ዋጋ ተጭበረበረ ተብሎ ግዥ ክፍሉ ለሁለት ሳምንት ሲታመስ ከረመ። ፋይል ተገላበጠ። ችግሩ የተገኘው እኛው ሒሳብ ክፍል በየወሩ በምናወጣው ወረቀት ላይ ነው። አፍረን ዝም አልን እንጂ መናገር ነበረብን።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ዘዴ ሒሳቡን ያገጥመዋል። የተረከብነው ጠቅላላ ወጪ 1,505,000 ብር ነው። በአማካዩ 1,165,500 ብር ወደ ቀጣዩ ክፍል አለፈ፣ 339,500 ብር ጋን ውስጥ ቀረ። በፊፎ 1,150,000 አለፈ፣ 355,000 ቀረ። ሁለቱም ሲደመሩ ያው ናቸው። ስለዚህ «ገጠመ» ማለት ወጪው አልጠፋም ማለት ብቻ ነው። የኪሎው ዋጋ ልክ ነው ማለት አይደለም። በመዝገቡ ላይ ያለው ልዩነት 15,500 ብር፣ ከጠቅላላው 1 በመቶ ገደማ ነው። ኦዲተሩ እሱን አይቶ ቢያልፈው አልፈርድበትም።

ፊፎም ቢሆን የራሱ ወጥመድ አለው። ወደ ቀጣዩ ክፍል በተላለፈው 1,150,000 ብር ውስጥ የድሮው 2,000 ኪሎ ለብቻው አለ፤ 180,000 ብር ይዞ መጥቶ ለመጨረስ 25,000 ተጨመረበት፣ ኪሎው 102 ብር ከ50 ሆነ። የቀረው 7,000 ኪሎ በ135 ብር ነው። ማድረቂያና መቁረጫ ክፍሉ ሲረከበው ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱን አይለይም። 1,150,000ን ለ9,000 አካፍሎ 127 ብር ከ78 ሳንቲም ብሎ ይመዘግባል። አየሽ፣ ከአማካዩም አነሰ! ፊፎ እንሠራለን እያለ በዚህ ቁጥር ዋጋ የሚተምን ፋብሪካ ከአለቃሽ በባሰ ይሳሳታል። ለዋጋ የሚወሰደው የተላለፈው ዋጋ ሳይሆን የወሩ የአቻ ምርት ዋጋ ነው፤ በእኛ ምሳሌ 135።

ሌላም አለ። የመጋዘን ፊፎና የማምረቻ ክፍል ፊፎ አንድ አይደሉም። መጋዘኑ ዘይቱን ለምርት ሲያወጣ በአማካይ ዋጋ የሚያወጣ ከሆነ፣ የድሮውና የአዲሱ ዘይት እዚያው ተቀላቅሏል። 110 ብር ብለሽ የተቀበልሽው ቁጥር በትክክል 110 ላይሆን ይችላል። ማብሰያ ክፍሉ ላይ የፈለግሽውን ያህል ፊፎ ብትሠሪ የተቀላቀለውን አትለይውም። መጀመሪያ የመጋዘኑን የወጪ ማዘዣ እዪ።

ለአለቃሽ አንድ ነገር መስጠት አለብኝ። አማካዩ ወሩ ሲጀምር ጋን ውስጥ የነበረው ምን ያህል ደርሶ ነበር ብሎ አይጠይቅም። ፊፎ ይጠይቃል። በምሳሌዬ ግማሽ ስላልኩ የተሠራውም የቀረውም 1,000 ነው፤ አንዱን በሌላው ቦታ ብታስገቢ ስህተቱ አይታይም። 80 በመቶ ደርሶ ቢሆን ግን በነሐሴ የሚቆጠረው የቀረው 20 በመቶ፣ ማለትም 400 ኪሎ ነው። ብዙ ጀማሪ እዚህ 1,600 ብሎ ይጽፋል። እውነተኛው 80 ሆኖ ፎርማኑ «ግማሽ ነው» ብሎ ቢያስመዘግብስ? አቻ ምርቱ 9,000 ሳይሆን 8,400 ነበር፣ የጉልበቱ ዋጋም 25 ብር ሳይሆን 26 ብር ከ79። የፎርማኑ ግምት የሐምሌንም የነሐሴንም ዋጋ ያዛባል። ስለዚህ የወሩ መጨረሻ ቀን ጋኑን ሄዶ የሚያይ፣ መቶኛውን ጽፎ የሚፈርም ሰው ከሌለ የፊፎው ቁጥር ከስሙ በቀር ብዙ አይበልጥም።

እንዲሁም ሁልጊዜ አይለፋበትም። ወሩ ሲጀምር ጋን ውስጥ የነበረው 2,000 ሳይሆን 200 ኪሎ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያው የ80 ብር ዋጋ የጥሬ ዕቃው አማካይ 109 ብር ከ41 ይሆን ነበር። ከ110 ጋር የስልሳ ሳንቲም ያህል ልዩነት ነው፤ ለእሱ አላመሽም። ጋኑ በየወሩ መጨረሻ ባዶ የሚሆን ፋብሪካ ደግሞ ጥያቄው ራሱ የለበትም። ዋጋ በሚወርድበት ወርም ነገሩ ይገለበጣል። አማካዩ ያለፈውን ወር ውድ ዘይት በዚህ ወር ፎርማን ላይ ይጭንበታል፤ ሰውዬው ጥሩ ሠርቶ ሳለ አባካኝ ይባላል።

የአለቃሽን ወረቀት መቅደድ አያስፈልግም። ሥራው ተሠርቷል። 12,000 ካለው ላይ 2,000 ቀንሺ፣ ከ1,260,000 ላይ 160,000 ቀንሺ። በጉልበቱም ከ10,000 ላይ 1,000፣ ከ245,000 ላይ 20,000። ከዚያ አካፍይ። በኤክሴል ሁለት መስመር ናት። መዝገቡ በአማካዩ ይቆይ፤ 135ቷን ግን ከ129 ብር ከ50 አጠገብ ጽፈሽ፣ ዋጋ ከመተመኑ በፊት ለሽያጭ ኃላፊው ላኪለት።