ቀስ እያሉ ይክፈሉ፣ በወር 337,500

በእንቁጣጣሽ ሰሞን ጥርት ያለ፣ ሐቀኛ አማርኛ የናፈቀው ሰው የአፓርታማ ማስታወቂያ ያንብብ። እኔ ዳር ዳሯን አደይ አበባ የከበባት አንዲት በራሪ ወረቀት አግኝቼ ሦስት ቀን በኪሴ ይዣት ዞርኩ። «10% ብቻ ከፍለው የቤት ባለቤት ይሁኑ! ቀሪውን ቀስ እያሉ!» ትላለች። ከዚህ በላይ ምን ግልጽነት አለ?

ነገረኛ ነኝና ሽያጭ ቢሮ ሄድኩ። ቡና ከነፈንዲሻው ቀረበልኝ። ልጅቷ ካልኩሌተሯን አነሳች። ሁለት መኝታ፣ 100 ካሬ፣ ካሬው 90,000 ብር፤ 9 ሚሊዮን። ቅድመ ክፍያው 900,000። ቀሪው 8 ሚሊዮን 100 ሺህ በ24 ወር። በወር ሲመታ 337,500። ቀስ ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ቶሎ ቶሎ ቢሉኝ ምን ይውጠኝ ነበር! (ቫቱ 15% ለብቻው ነው። ኮከብ ምልክቷ ሥር ተጽፏል፤ መነጽር ይዛችሁ ሂዱ።)

«በየወሩ አይደለም እኮ ጋሼ፣ እንደ ግንባታው ደረጃ ነው» አለችኝ።

ደስ አለኝ። መሠረቱ ሲወጣ ትንሽ፣ ስትራክቸሩ ሲያልቅ ትንሽ። ሕንፃው ካልወጣ ብሬም አይወጣም። ውሉን ገለጥኩ። ሁለተኛ ክፍያ፦ ጥር 1። ሦስተኛ ክፍያ፦ ግንቦት 1። መሠረት የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ። ሳይቱ ላይ ጉድጓድ ይኑር ሣር ይብቀል፣ ጥር 1 ይመጣል። እኔ ከዘገየሁ ቅጣት አለብኝ። እነሱ ከዘገዩ «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» ነው። አቅሙን እንዲህ አስቀድሞ የሚያውቅ ሻጭ ይመስገን።

ግን ልቤን የወሰደው የበዓሉ 20% ቅናሽ ነው። ወረቀቷ ላይ 112,500 በቀይ ተሰርዞ ከጎኑ 90,000 ተጽፏል። ጓደኛዬ ነሐሴ ላይ ሲጠይቅም ካሬው ያው 90,000 ነበር። ምስኪኗ 112,500 ጳጉሜን ላይ ተወልዳ፣ እዚያው ጳጉሜን ላይ ተሰረዘች።

ልወጣ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «እህቴ፣ 100 ካሬው የቤቱ ውስጥ ብቻ ነው?»

«ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ ሊፍቱ አብሮ ነው ጋሼ። የተጣራው 80 ነው።»

እስቲ ካልኩሌተሩን አውሺኝ አልኳት። 9 ሚሊዮን ለ80 ሲካፈል ስክሪኑ ላይ 112,500 መጣ። ያቺ የሰረዟት! ከወረቀቷ ሁሉ እውነቱን የተናገረችው እሷ ብቻ ናት።

«ታዲያ ለምን ሰረዛችኋት?»

ልጅቷ ፈገግ ብላ ፈንዲሻውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «እሷማ የአሮጌው ዓመት ዋጋ ናት፣ ጋሼ።»