አንድ ጆሮ ለስልክ፣ አንድ ጆሮ ለጎረቤት

በየመሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ከባለጉዳዩ በቀር ሁሉም ዘንድ ይደርሳል። ጠረጴዛ ገጥሞን የሚውለውን ሰው ጩኸት ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ለጥበቃው፣ ማታ ደግሞ ለቤተሰቡ ሁሉ እናወራለን። ለራሱ ለጯኺው የምንልክለት ሳል ብቻ ነው። ሳሉ ካልሠራ በረጅሙ እንተነፍሳለን፣ መሳቢያ እናላጋለን። እሱም "ምነው፣ ጉንፋን ያዘህ እንዴ?" ይልና ወደ ስልኩ ይመለሳል።

ደፈር ያለው ስብሰባ ይጠብቅና "አንዳንድ ሰዎች" ብሎ ይጀምራል። አንዳንድ ሰዎች ስልክ ሲያወሩ ሌላው ሥራ ላይ መሆኑን ይዘነጋሉ ሲል፣ ከሁሉ በላይ ራሱን እየነቀነቀ የሚስማማው ያው ጯኺው ነው። እንዲያውም እጁን አውጥቶ ሐሳቡን ያጠናክራል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ከሁሉ የከፋው ግን አቤቱታውን በኢሜይል ጽፎ ለአለቃ ግልባጭ ማድረግ ነው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ጽሑፉን አያነብም፤ የሚያነበው ለእነማን ግልባጭ እንደተደረገ ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ የድምፅ መሆኑ ቀርቶ የክብር ይሆናል።

አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ ባልደረባዬ አጠገብ የሚቀመጡት አዛውንት ጆሯቸውን ግጥም አድርጎ የሚይዝ ማዳመጫ አጥልቀው ነው ስልክ የሚያወሩት። ወር ሲዘጋ እሷ ስትደምር እሳቸው የሰው ስልክ ቁጥር ያስጽፋሉ። አንድ ቀን ሂሳቡ አልገጥም ብሏት ወደ ኋላ ስትመረምር፣ ከወጪው ዓምድ ውስጥ የማታውቀው ሰው ስልክ ቁጥር ግማሹ ተገኘ። (ወጪው ለጊዜው አስደንጋጭ ነበር።)

ሌላ ሰው ቢሆን "ንቀው ነው" ይል ነበር። ነገሩ ግን የጆሮ እንጂ የንቀት አይደለም። ኤቲየን ሎምባር የተባለ ፈረንሳዊ የአንገት በላይ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1911 እንደጻፈው፣ ሰው ጆሮው ላይ ጫጫታ ሲበዛበት ሳይታወቀው ድምፁን ይጨምራል፤ ጫጫታው ሲቆም ደግሞ ይቀንሳል። ሁለት ጆሮውን የደፈነ ሰውም የራሱ ድምፅ እንደወትሮው ስለማይሰማው ብዙ ጊዜ እየጮኸ መሆኑን አያውቅም። በነገራችን ላይ፣ ለመበቀል ብለው ሙዚቃ ከፍ የሚያደርጉ ሰዎች ጎረቤታቸውን ይበልጥ እንዲጮኽ እየጋበዙት ነው።

ልጅቱ ስትናደድ ዝም አለች፤ የተናገረችው በማግስቱ ጠዋት፣ ማዳመጫው ገና ጠረጴዛ ላይ ሳለና አጠገባቸው ሰው ሳይኖር ነው።

"ጋሼ፣ ማዳመጫውን ሲያጠልቁት ድምፅዎ ሳይታወቅዎት ከፍ ይላል። ትናንት ስደምር ቁጥሮችዎ ሂሳቤ ውስጥ ገቡብኝ። ሲደውሉ አንዱን ጆሮ ከፈት ቢያደርጉልኝ?"

ልብ በሉ፣ "ይረብሻሉ" አላለችም። "ሁላችንም ተቸግረናል" ብላ ከጀርባዋ ሠራዊት አላሰለፈችም። የሆነውን ተናገረች፣ እጅ ላይ ያለ አንድ ነገር ጠየቀች። "ትንሽ ቀስ ይበሉ" ብትላቸው ኖሮ እሺ ባሉ ነበር፤ ግን ቀስ ማለታቸውን በምናቸው ይሰሙታል?

አዛውንቱ ደነገጡ። "እኔ? እጮኻለሁ? ከመቼ ጀምሮ?"

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰናከለው። ጥያቄው የተቆለፈ መዝገብ ቤት የሚከፍት ቁልፍ ነው፤ ያኔ እንዲህ፣ ባለፈው ዓመት እንዲያ፣ ስብሰባ ላይም እንዲሁ እያሉ ፋይል ማውጣት ያምራል። ከሦስተኛው ፋይል በኋላ ሰውየው የሚያስበው ስለ ድምፁ ሳይሆን፣ ይህን ሁሉ ጊዜ እየሳቀች ሰላም ስትለው ስለነበረችው ሴት ነው። እሷ ግን "የትናንቱን ነው የማወራዎት" ብላ መዝገብ ቤቱን ዘጋችው።

አንድ ሳምንት ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ረሱት፤ ይረሳላ! ለዚህ ጊዜ የተስማሙበት ምልክት ነበር፤ ጆሮዋን ስትነካ እሳቸው አንዱን ጆሮ ይከፍታሉ። ምልክቱም ባይሠራ ኖሮ አለቃ ዘንድ መሄድ ይቀር ነበር አልልም። ግን አስቀድማ ነግራቸው፣ የምትጠይቀውም የእሳቸውን ተግሣጽ ሳይሆን የወንበር ቅያሪ፣ ወይም ረዘም ላለ ስልክ ባዶውን የስብሰባ ክፍል ይሆን ነበር።

ያን ያህል አልደረሰም። ይልቅ አዛውንቱ በሩ መከፈቱን አይተው በተራቸው ገቡበት።

"ካነሳሽው አይቀር፣ ያ የሂሳብ ማሽንሽ ጠረጴዛውን ሲደበድበው እኔ ጋ ስክሪኑ ይንቀጠቀጣል። ከሥሩ አንድ ጨርቅ ብታደርጊለት?"

"ውይ ጋሼ! ከመቼ ጀምሮ?"

"ከተቀጠርሽ ጀምሮ!"