አንድ ቀዳዳ ወይስ ሁለት?

ሦስት ሳምንት ሙሉ የማዕድ ቤታችንን መሳቢያዎች በጥፍራችን እየሳብን ስንከፍት ከረምን። ካቢኔቱ ተገጥሟል፣ ቀለሙ ደርቋል፣ ውኃው ገብቷል፣ ምድጃውም ይሠራል፤ የቀረን እጀታ ብቻ ነው። ሦስት ሳምንት ትንሽ የሚመስለው ሰው ካለ የትልቁን መሳቢያ የታችኛውን ጠርዝ ጎንበስ ብሎ ይመልከትልኝ፤ ጣታችን በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነጩ ቀለም በቅባት ወይቦ ወደ ቡናማ መልክ ዞሯል፣ በሳሙና ብናሸውም አልለቀቀም። ይህን ለምናውቃቸው ሰዎች ስንናገር ሁሉም የሚመልሱልን አንድ ነገር ነው፦ «እጀታ ደግሞ ምን ያከራክራል?»

ያከራክራል። ብሶቴም ከዚሁ ይጀምራል፤ ነገሩን ሁሉም ሰው እንደ ጌጥ ምርጫ ስለሚያየው ማንም ከመብሳታችን በፊት ሊነግረን የሚገባውን አልነገረንም።

ከተጋባን ሁለተኛ ዓመታችን ነው፤ የራሳችን የምንለው ማዕድ ቤት ሲኖረን ደግሞ ይህ የመጀመሪያችን ነው። እኔ የምፈልገው ክቡን እጀታ ነበር፤ በአንድ ብሎን የሚታሰረውንና በሁለት ጣት ቆንጠጥ ተደርጎ የሚሳበውን ማለቴ ነው። ባለቤቴ የፈለገው በሁለት ብሎን የሚታሰረውንና አራት ጣት ከኋላው ገብቶ የሚስበውን ረጅሙን ነው። አልተጣላንም፣ ድምፃችንም አንድ ቀን ከፍ አላለም፤ ነገር ግን ሁለታችንም እውነተኛ ምክንያት ስለነበረን ማናችንም በቀላሉ አልለቀቅንም።

የእኔ ምክንያት መተላለፊያው ነበር። በሁለቱ የካቢኔት ረድፎች መካከል ያለው ስፋት 90 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አንዱ ምድጃው ጋ ቆሞ ሌላው ከኋላው ሲያልፍ ልብስ ካቢኔቱን መንካቱ አይቀርም። ቀድሞ በተከራየንበት ቤት ረጃጅም እጀታዎች ነበሩ፤ ጫፋቸው ከብሎኑ አልፎ ወደ ውጭ የተዘረጋ ስለነበር የሹራቤን ኪስ ሁለት ጊዜ ቀደውብኛል፣ አንድ ጊዜም በእጄ የሞቀ ድስት እንደያዝሁ ጎትተው አስቁመውኛል። የባለቤቴ ምክንያት እናቱ ነበሩ። የጣታቸው መገጣጠሚያ ያብጣል፤ ሊጠይቁን ሲመጡ ደግሞ ቁጭ በሉ ቢባሉ እሺ የሚሉ ሰው አይደሉም። «አንቺ ስለምታልፊበት ቦታ ታስቢያለሽ፣ እኔ ስለሚይዘው እጅ አስባለሁ» አለኝ አንድ ምሽት፤ «ክቡን ለመሳብ መቆንጠጥ ያስፈልጋል፤ ለእናቴ ደግሞ የሚከብዳቸው መቆንጠጡ ነው። ረጅሙን ግን ጣታቸውን አጥፈው ብቻ ይስቡታል።» እውነቱን ነው፤ እኔም እውነትህን ነው አልሁት፤ ግን የሹራቤ ኪስም እውነት ነበር።

አናጢው በዚህ መካከል መሰርሰሪያውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። «ሁሉንም በአንድ ልክ በግማሽ ሰዓት በስቼላችሁ ልሂድ፤ ካልወደዳችሁት በኋላ ትቀይራላችሁ» አለን። እጅግ የሚያናድደኝ ይህች «በኋላ ትቀይራላችሁ» የምትለዋ ቃል ናት፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ሊላት አይገባም ነበር። ባለቤቴ በትሕትና አመስግኖ ሸኘውና የተረፈውን አንድ የመሳቢያ ፊት ትቶልን እንዲሄድ ለመነው። ያ ቁራጭ እንጨት ከማንም ምክር በላይ ጠቅሞናል።

የመሳቢያ ፊት ከሣጥኑ ጋር የሚያያዘው ከውስጥ በሚገቡ ጥቂት ብሎኖች ነው፤ ስለዚህ የትልቁን መሳቢያ እውነተኛ ፊት ፈትተን አስቀመጥንና ትርፉን በቦታው አሰርን። ይህ መሳቢያ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፣ ድስቶቻችን ሁሉ የሚቀመጡትም እርሱ ውስጥ ነው። መጀመሪያ የእኔን ክብ እጀታ ልክ መሃሉ ላይ አሰርነው። ባዶውን ስስበው ደስ አለኝ። ድስቶቹ ከገቡ በኋላ ግን፣ እጄ ሳሙና እንደነካው ልከፍት ስል ጣቴ ሦስት ጊዜ አምልጦኛል። በሳምንቱ እጀታው በአንድ ብሎን ላይ እንደ ቁልፍ መዞር ጀመረ፤ በአንድ ነጥብ ብቻ ስለታሰረ እየተሳበ በመጣ ቁጥር ይዞራል፣ እየዞረም ይላላል። ሁለት ክብ እጀታ ግራና ቀኝ እናድርግ አልሁ፤ ያኔ ደግሞ መሳቢያው ሁለት እጅ ጠየቀ፤ አንዱን ብቻ ይዞ ለሚስብ ሰው ወደ አንድ ወገን ይንጋደድና በሐዲዱ ላይ ይንገጫገጫል። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ቆሞ አየ እንጂ «አላልኩሽም?» አላለኝም፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

ቀጥሎ በዚያው እንጨት ላይ የእርሱን ረጅም እጀታ ሞከርን። የሁለቱ ቀዳዳዎች ርቀት 160 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከመሃሉ መስመር ግራና ቀኝ 80፣ 80 ለክተን በሳን፣ አሰርነውም። ድስቶቹን ሞልቶ በአንድ እጅ ያለ ምንም ችግር ሳበው። እኔ ግን ዓይኔ ከአንድ ነገር ላይ አልነሣ አለ፤ ቀድሞ ለክቡ የበሳናት ቀዳዳ ከረጅሙ እጀታ ጀርባ፣ በሁለቱ ብሎኖች ልክ መሃል፣ ጥቁር ሆና ታየኛለች። ጎንበስ ላለ ሰው ሁሉ ትታያለች። ለካ የአናጢው «በኋላ ትቀይራላችሁ» ማለት ይህ ኖሯል፤ ቀዳዳዋን በስቱኮ መድፈንና ፊቱን ሁሉ እንደገና መቀባት። የመሳቢያ ነገር ተመላሽ የለውም። የበር ነገር ግን ሌላ ነው፤ በር ላይ ክቡ እጀታ የሚታሰረው ማዕዘኑ አጠገብ ስለሆነ፣ አንድ ቀን ረጅም ማድረግ ቢያስፈልግ ያቺው ቀዳዳ የረጅሙ አንደኛ ብሎን መግቢያ ትሆናለች፣ ሁለተኛዋን ብቻ መብሳት ይበቃል። ልዩነቱ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ እጀታ የሚሸጡትም የሚገጥሙትም ስለ ቀለሙና ስለ መልኩ ብቻ ሲያወሩን መክረማቸው ያስቆጨኛል።

በዚያ ምሽት ተስማማን፤ ዘጠኙ በሮች ክብ፣ ስድስቱ መሳቢያዎች ረጅም እንዲሆኑ። ለእኔ ሲል ባለቤቴ ጫፋቸው ወደ እንጨቱ ታጥፎ የሚገባውን ዓይነት፣ ኪስ የማይዘውን፣ እንፈልጋለን አለ። ቀጥሎም «ዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን በር ግን አስቢበት፤ ሁልጊዜ በእርጥብ እጅ ነው የምንከፍተው» ሲል ጨመረ፤ በሮቹ የእኔ ናቸው ብዬ አለፍሁት።

ከዚያ ወዲያ ያለው የሻጩ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ የሰጠን ስድስት እጀታ ሁሉም ጫፉ የተዘረጋው ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ ይህስ ይሁን፣ ስንለካቸው አራቱ የቀዳዳ ርቀታቸው 160፣ ሁለቱ 128 ሚሊ ሜትር ሆነው አረፉት። በውጭ ሲታዩ ርዝመታቸው እኩል ነው። ሻጩ የሚነግረው የእጀታውን ጠቅላላ ርዝመት ነው፤ እንጨት ላይ የሚበሳው ግን ጠቅላላ ርዝመቱ ሳይሆን ከአንዱ ብሎን መሃል እስከ ሌላው ብሎን መሃል ያለው ርቀት ነው። በአንዱ ለክተን ስድስቱንም በስተን ቢሆን ኖሮ ሁለት የመሳቢያ ፊት ይበላሽብን ነበር። ባለቤቴ ይህን የያዘው በቀላል ዘዴ ነው፤ የአንዱን ቀዳዳ ግራ ጠርዝ ከሌላው ቀዳዳ ግራ ጠርዝ ጋር በማስመሪያ ለካ። ቀዳዳዎቹ እኩል ስፋት ስላላቸው ይህ ልኬት ከመሃል እስከ መሃል ካለው ጋር አንድ ነው፣ መሃሉን በዓይን መገመትም አይጠይቅም። መለስንና ጫፉ የታጠፈውን፣ ስድስቱንም ለክተን፣ ወሰድን። ከጥቅሉ ጋር የመጣው ብሎን 25 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለበር ይበቃል፤ መሳቢያ ግን የፊቱና የሣጥኑ እንጨት ተደርቦ 32 ሚሊ ሜትር ስለሚወፍር ብሎኑ ወደ እጀታው አይደርስም። ለዚህም 40 የሆነ ብሎን ፍለጋ ሌላ ቀን ሄደ።

የበሳነው ራሳችን ነን። ምልክቱን በወረቀት ፕላስተር ላይ አደረግን፣ ከኋላ ቁራጭ እንጨት አጥብቀን ይዘን በ5 ሚሊ ሜትር ፑንታ ቀስ ብለን በሳን፤ ከኋላ የሚደግፈው ነገር ከሌለ ፑንታው ሲወጣ ቀለሙን ይገነጥለዋል። አምስት መሳቢያ ጨርሰን ወደ ማዕዘኑ መሳቢያ ስንደርስ ባለቤቴ መሰርሰሪያውን አስቀመጠና ማስመሪያ አነሣ። በማዕዘኑ የተተወው ክፍተት 30 ሚሊ ሜትር ነው፤ ረጅሙ እጀታ ከእንጨቱ 35 ይወጣል፤ ከጎን ያለው መሳቢያ ሲሳብ ከእርሱ ጋር ይጋጫል። ክቡ የሚወጣው 25 ብቻ ነው።

«ይህ የአንቺ ነው» ብሎ ክብ እጀታ ጠየቀኝ። ከዘጠኙ አንዱን ሰጠሁት። በእጁ የተረፈችውን አንዲት ረጅም እጀታ እያየሁ ዕቃ ማጠቢያው ሥር ወዳለው፣ ገና ወዳልተበሳው በር ሄድሁና ፕላስተር ለጠፍሁበት። እርሱም ምንም ሳይናገር መጥቶ እንጨቱን ከኋላ ያዘልኝ፤ የበሳሁት እኔ ነኝ።