«ኮድ የለም» ማለት መኪናው ደህና ነው ማለት አይደለም

«የኤቢኤስ መብራቱ በርቷል፤ በስልኬ አፕ ሳየው ግን ኮድ የለም ይላል። ልመነው?»

አትመነው ወንድሜ። አብዛኛው ነፃ አፕ የሚያየው የሞተሩን ኮምፒውተር ብቻ ነው። ኤቢኤስና ኤርባግ የየራሳቸው ኮምፒውተር አላቸው። አፕህ እነሱን ጭራሽ አልጠየቃቸውም።

እኔም ደብረ ማርቆስ ላይ በኮሮላዬ ይኸው ደረሰብኝ። አፑ ምንም የለም አለኝ። ደጀንን አልፌ የዓባይን ቁልቁለት ልወርድ ስለነበር ግን ልቤ አልረጋም። ኤቢኤስ የሚያነብ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ወሰድኩት። C0200 አወጣ፤ የፊት ቀኝ ጎማ ፍጥነት ሴንሰር ማለት ነው። ጎማው ሲፈታ የሴንሰሩ ሽቦ ጭቃ በልቶት ተበጥሶ ተገኘ። ተራው ፍሬን ይሠራል፤ ኤቢኤሱ ስለማይሠራ ግን ድንገት አጥብቀህ ስትረግጥ ጎማው ተቆልፎ ሊንሸራተት ይችላል።

ሌላው ጣጣ አፑን ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው ርካሹ የብሉቱዝ ማንበቢያ ነው። ገበያው ELM327 በሚባለው የማንበቢያ ቺፕ ቅጂ ተሞልቷል። ብዙዎቹ v2.1 የሚል ጽሑፍ ያሳያሉ፣ ግን ቺፑ ሊቀበላቸው ከሚገቡ ትእዛዞች የተቆረጡባቸው አሉ። አንዳንዱ በአሮጌ መኪኖች ያለውን የኬ-ላይን ግንኙነት አይችልም፤ ስለዚህ ከመኪናው ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። መለየት ቀላል ነው። የብሉቱዝ ተርሚናል አፕ ጫንና ይህን ላክ፦

```
ATPPS
```

ረጅም ዝርዝር ካመጣ ጥሩ ምልክት ነው። «?» ብቻ ከመለሰ የተቆረጠ ቅጂ ይዘሃል፤ ለሻጩ መልስለት። ለአይፎን ደግሞ ተራው ብሉቱዝ አይሆንም፤ ብሉቱዝ 4.0 ወይም ዋይፋይ ያለውን ጠይቅ።