ዲግሪው ሳይሆን ፖስታው

«ጋሼ፣ ዲግሪዬን አፖስቲል አስመትቼ ልላከው ወይስ ኤምባሲ ልውሰደው?»

የእህቴ ልጅ ናት። ለእረፍት ባሕር ዳር በገባሁ በማግስቱ ጣና ዳር ቡና ይዘን ተቀምጠናል። ከፖሊ ግቢ የተመረቀች መሐንዲስ ናት፤ ትምህርቷን ለካናዳ የውጭ አገር ትምህርት በሚገመግመው ድርጅት በደብሊው ኢ ኤስ ልታስገመግም ነው።

ሁለቱንም ተዪው አልኳት። አፖስቲል በፈረንጆቹ 1961 የተፈረመው የሄግ ስምምነት አባል አገሮች እርስ በርስ የሚቀባበሉት የሰነድ ማረጋገጫ ነው፤ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። ስለዚህ እዚህ አገር አፖስቲል የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የለም። «አስመታልሻለሁ» የሚል ደላላ ካገኘሽ ገንዘብሽን እንዳትሰጪው።

እኔ በምኖርበት ካናዳም ቢሆን አፖስቲል የተጀመረው ገና በጃንዋሪ 2024 ነው። ከዚያ በፊት እንደኛው ከመንግሥት ቢሮ ወደ ኤምባሲ መመላለስ ነበር። አሁን ወደ ጀርመን የሚሄድ የካናዳ ዲፕሎማ አንድ ወረቀት ብቻ ይያያዝበታል። ወረቀቱ ላይ ከ1 እስከ 10 የተቆጠሩ መስመሮች አሉ፦ ማን ፈረመ፣ በምን ሥልጣኑ፣ ማህተሙ የማን ነው፣ የት፣ መቼ። ስለ ውጤትሽ ግን አንድም መስመር የለም። አፖስቲልም ሆነ የቆንስላ ማህተም የሚመሰክረው ለፊርማው ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ስለዚህ ያለ ጥቅም ይደክማል።

ገምጋሚው ድርጅት ደግሞ ማወቅ የሚፈልገው ውጤቱ እውነት መሆኑን ነው። ይህን የሚነግረው ሬጅስትራሩ ብቻ ነው።

እኔ በጊዜዬ ይህን የሚነግረኝ አጣሁ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄጄ ትራንስክሪፕቴን በየቢሮው አስመታሁ። ጀርባው በማህተም ሞላ። ለማስመታት ግን ሬጅስትራር አሽጎ የሰጠኝን ፖስታ ከፍቼዋለሁ። ራሴ የላክሁትን ገምጋሚው አልተቀበለኝም፤ «ከተቋሙ በቀጥታ ይምጣ» አለ። ወራት አለፉብኝ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ አልኳት። መጀመሪያ ደብሊው ኢ ኤስ ላይ ኦንላይን አካውንት ክፈቺ፤ መለያ ቁጥር ይሰጡሻል። ቁጥሩን ከመጠየቂያ ቅጹ ጋር ለሬጅስትራር ስጪ። ትራንስክሪፕቱን ራሳቸው ፖስታ ውስጥ ከተው ያሽጉት፤ ማህተሙና ፊርማው ግማሹ ክዳኑ ላይ፣ ግማሹ ፖስታው ላይ ይረፍ። ቁጥርሽ ፖስታው ላይ መጻፉን ሳትወጪ እዪ። የሚልኩትም እነሱ ይሁኑ። አንቺ እጅ ቢገባ እንኳ እንዳትከፍቺው።

«ዱባይ ሥራ ባገኝስ?» አለችኝ።

እሱ ሌላ ነው። የዓረብ አገር ቀጣሪ ብዙ ጊዜ የማህተሙን ሰንሰለት ይፈልጋል። መጀመሪያ የትምህርት ሰነድ የሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት፣ ቀጥሎ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ መጨረሻ ላይ የዚያ አገር ኤምባሲ። ኋለኛው የሚያየው የፊተኛውን ማህተም ስለሆነ ቅደም ተከተሉን መዝለል አይቻልም። ግን ተቀባዩ በጽሑፍ ሳይጠይቅሽ አትጀምሪው።

ኦሪጅናል ዲግሪዋን ወደ ፎልደሯ መለሰችው። ሬጅስትራር ስንት ሰዓት እንደሚከፍት ጓደኛዋን ለመጠየቅ ስልኳን አነሳች።