ግራ መያዝ እና ወደ ግራ መታጠፍ

«ሹፌር ከካርታ የሚፈልገው ግራና ቀኝን ነው። እሱን ደግሞ በእንግሊዝኛም ይሰማዋል። አማርኛ የሚናገር ካርታ ቅንጦት ነው።»

ሰሞኑን ስለ ታክሲ አገልግሎት በተደረገ ውይይት ላይ አንድ ኃላፊ ይህን ሲናገሩ አዳራሹ አጨበጨበላቸው። ካጨበጨቡት ውስጥ ስንቱ ማታ መሪ ጨብጦ፣ ኋላ ወንበር ላይ ሰው አስቀምጦ፣ የማያውቀውን ሰፈር በስልክ እየተመራ እንደፈለገ ማወቅ እወዳለሁ። ኃላፊው እንዳልሞከሩት ግን ንግግራቸው ራሱ ይመሰክራል።

አጎቴ ጎንደር ውስጥ ኮንትራት ታክሲ ሲነዱ ሃያ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። መኪናቸው አሮጌ ዲኤክስ ነው። ፒያሳ፣ ማራኪ፣ ቀሃ ኢየሱስ፣ ቁስቋም ቢሏቸው ማንንም ሳይጠይቁ ይደርሳሉ። ነገር ግን የዛሬ ደንበኛ «ከጃን ተከል ዋርካ ዝቅ ብሎ» አይልም፤ በቴሌግራም ነጥብ ይልክና ስልኩን ይዘጋል። ነጥቡ ያረፈው አብዛኛውን ጊዜ ከአዘዞ ወዲህ በተዘረጉት አዳዲስ ሰፈሮች ውስጥ ነው። እዚያ ነዋሪው ራሱ ለመንገዱ ስም አላወጣለትም። ስለዚህ «ሹፌሩ ከተማውን ያውቀዋል» የሚለውን ክርክር ከወዲሁ እንተወው።

አንድ ማታ አጎቴ ከአውሮፕላን ማረፊያው አንዲት እናትን ከነሻንጣቸው ጭነው ወደ ማራኪ አቅጣጫ ይመጣሉ። ስልኩ በእንግሊዝኛ ይመራቸዋል። መንገዱ ለሁለት ወደሚከፈልበት ቦታ ሲደርሱ ድምፁ «ኪፕ ራይት» አለ። አጎቴ «ራይት» የምትለዋን ያውቋታል። ሰሟት፤ ታጠፉ። የገቡበት ግን ቁልቁል የሚወርድ፣ መኪና የማያዞር ጠባብ የኮብልስቶን መንገድ ነበር። ወደ ኋላ እየነዱ ለመውጣት ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀባቸው፤ የፍሪሲዮኑ ሽታ መኪናውን ሞላው፤ እኚያ እናትም መቋሚያቸውን ጨብጠው ጸሎት ጀመሩ። ድምፁ ያላቸው «ታጠፍ» ሳይሆን «ቀኝህን ይዘህ ቀጥል» ነበር። አጎቴ ቀኝን ሰምተዋል። ያልሰሙት ግሱን ነው።

እዚህ ላይ ነው ኃላፊው የሳቱት። ካርታ የሚናገረው ግራና ቀኝን አይደለም። OsmAnd የሚባለውን ነጻ የካርታ መተግበሪያ የድምፅ ፋይል የከፈተ ሰው ግራ ለብቻዋ ቢያንስ በአራት መልክ ተጽፋ ያገኛታል፤ ቀኝም እንደዚሁ። የአጎቴ ልጅ ወደ አማርኛ ስትመልሰው የግራው ወገን ይህን መሰለ፦

```
dictionary["left"] = "ወደ ግራ ይታጠፉ";
dictionary["left_sh"] = "ወደ ግራ አጥብቀው ይጠምዝዙ";
dictionary["left_sl"] = "ወደ ግራ ዘንበል ይበሉ";
dictionary["left_keep"] = "ግራዎን ይዘው ይቀጥሉ";
```

አራቱም ውስጥ ግራ አለች፤ አራቱም ግን መሪው ላይ የተለያየ እጅ ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ነው። ሁለተኛው ወደ ኋላ የሚመልስ ያህል የጠበበ መታጠፊያ ስለሆነ ማርሽ መቀነስ ይፈልጋል። ሦስተኛው መንገዱ ራሱ ሲያዘነብል ነው። አራተኛው መታጠፍን ጭራሽ አይጠይቅም፤ በያዝከው ጥግ ቀጥል ማለት ነው። በእንግሊዝኛ «ግራ»ን ብቻ ለቅሞ የሚሰማ ሹፌር አራቱን አንድ ያደርጋቸዋል፤ አራተኛው ላይ ደግሞ የሚያደርገው የታዘዘውን ተቃራኒ ነው። ይህን ቅንጦት የሚል ሰው እኚያ እናት አጠገብ ተቀምጦ ይበለው። አደባባይ ላይ «ሁለተኛውን መውጫ ይያዙ» የሚለውንና «ዞረው ይመለሱ» የሚለውን ገና አልቆጠርኩም።

«ካልገባው ስክሪኑን ይይ» የሚሉም ሰምቻለሁ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይነጉዳል። ሁለት ሰከንድ ስልክ ያየ ሹፌር 22 ሜትር መንገዱን ሳያይ ነድቷል ማለት ነው። ካርታው እንዲናገር የተደረገው ዓይን ከመንገዱ እንዳይነሳ ነው፤ የማይገባ ድምፅ ግን ዓይኑን መልሶ ወደ ስክሪኑ ይጎትተዋል።

አጎቴ ከዚያ ማታ በኋላ መጀመሪያ ያደረጉት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው፤ የስልካቸውን ቋንቋ ወደ አማርኛ ቀየሩ። ጽሑፉ ሁሉ አማርኛ ሆነ፤ ድምፁ እንግሊዝኛ ሆኖ ቀረ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። የስክሪኑ ጽሑፍ፣ ካርታው የሚናገራቸው ሐረጎችና ሐረጎቹን ወደ ድምፅ የሚለውጠው የንባብ ሞተር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሲቀየር ሌላው አብሮ አይቀየርም። የጎደለው የትኛው እንደሆነ በጆሮ ይታወቃል። ድምፁ በእንግሊዝኛ ጀምሮ የቦታው ስም ጋ ሲደርስ ጸጥ ካለ፣ ስሙ ካርታው ላይ በፊደላችን ተጽፏል፤ ሞተሩ ግን ፊደሉን ማንበብ አይችልም።

ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። በ OsmAnd ሐረጎቹን በአማርኛ ጻፈች፤ ለንባቡ eSpeak NG የሚባለውን አማርኛ የሚያነብ ነጻ ሞተር ጫነች። በመጀመሪያው ቀን ካርታው አማርኛ ተናገረ፤ አጎቴ ግን አልወደዱትም፤ እውነት ነበራቸው። «ዋናውን መንገድ ይዘው ይሂዱ» ብላ የጻፈችውን ሞተሩ «ዋና»ን አላልቶ አነበበው። ጠብቆ ሲነበብ ትልቁ መንገድ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ግን ፋሲለደስ መዋኛ የሚዋኘው ዋና ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። እኛ ከዐውዱ እናውቀዋለን፤ ሞተሩ ይገምታል፤ ሲስት ደግሞ ሹፌሩ አንድ ሰከንድ ያህል «ምን አለ?» ብሎ ያስባል። መታጠፊያ ላይ ያች ሰከንድ 11 ሜትር ናት።

ስለዚህ ሞተሩን ተወችውና ሐረጎቹን በራሷ ድምፅ ቀዳቻቸው። መተግበሪያው የተቀዳ ድምፅም ይቀበላል፤ እያንዳንዱ ሐረግ የራሱ ትንሽ ፋይል ይሆናል፤ `left_keep` የነበረው `left_keep.ogg` ሆነ ማለት ነው። ቁጥሮቹንም እንዲሁ ቀዳች። ካርታው እነዚህን ቁርጥራጮች እየገጣጠመ ይናገራል።

መገጣጠሙ ሌላ ጣጣ አመጣ። «ከሁለት መቶ ሜትር በኋላ» ስንል «ከ» ከቁጥሩ ጋር ተጣብቃ ነው የምትነገረው። ለብቻዋ ተቀድታ ከ«ሁለት» ፊት ስትለጠፍ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ሹፌሩም ቁጥሩን ይስታል። ይህ የእንግሊዝኛውን አቀማመጥ እንዳለ የመገልበጥ ውጤት ነው፤ በእንግሊዝኛ ያች ቃል ለብቻዋ ትቆማለች። መላውን ያመጡት አጎቴ ናቸው። «እኛ እንዲህ መች እንላለን?» አሏት፤ «ሁለት መቶ ሜትር ሄደው ወደ ግራ ይታጠፉ፣ በቃ።» «ከ» ጠፋች፣ «በኋላ»ም ጠፋች፤ ርቀቱ ቀድሞ፣ አቅጣጫው ተከትሎ፣ ግሱ መጨረሻ ላይ መጣ። መንገድ ስንጠያየቅ የምንናገረውም ይህንኑ ነው። ይህን ማረም የሚችለው ቋንቋውን የሚናገር ሰው ነው፤ ለዚህም ነው ሥራውን «ሲመጣ ይመጣል» ብሎ ለውጭ ኩባንያ የሚተው ሰው የሚያናድደኝ።

አንድ ነገር ላይ ግን አባትና ልጅ ተከራከሩ። እሷ መጀመሪያ «ታጠፍ» ብላ ልትቀዳ ነበር፤ አጭር ነው፣ ቶሎ ያልቃል። አጎቴ እንቢ አሉ። «ልጄ፣ ኋላ የሚቀመጡት ሽማግሌና አሮጊት ናቸው። ሲሰሙት ሹፌሩን ልጅ እያዘዘው ይመስላቸዋል።» «ይታጠፉ» ሆኖ ቀረ። የሚያስከፍለው ሁለት ክፍለ ቃል ብቻ ነው፤ እኔም ከአጎቴ ጋር ነኝ።

የተቀዳው ድምፅ የመንገድ ስም መጥራት አይችልም፤ ይህን አልክድም። ጎንደር ላይ ግን ኪሳራው ኢምንት ነው፤ በመንገድ ስም የሚሄድ ሹፌር አላየሁም። ካርታው ለጥምቀት የተዘጋ መንገድንም አያውቅም፤ በእንግሊዝኛ ሲናገርም አያውቅም ነበር።

ባለፈው ሳምንት አጎቴ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት ሌላ ሰው ጭነው አለፉ። እኔ ከፊት ተቀምጬ ነበር። መለያያው ሲቃረብ የልጃቸው ድምፅ «ሁለት መቶ ሜትር ሄደው ቀኝዎን ይዘው ይቀጥሉ» አለ። አጎቴ ስልኩን አላዩትም። ማርሽ እንኳ ሳይቀንሱ ቀኛቸውን ይዘው አለፉ። ያች የኮብልስቶን ቁልቁለት በመስኮቱ በኩል ወደ ኋላ ቀረች። ኋላ የተቀመጠው ሰውዬ «ማን ናት ይቺ?» ሲል ጠየቀ፤ አጎቴም ልጃቸው መሆኗን ነገሩት።

ፋይሎቹ በአንድ የቴሌግራም መልእክት የሚላኩ ናቸው። ሁለት የታክሲ ተራ ጓደኞቻቸው ወስደዋቸዋል። ኃላፊውም ከፈለጉ እንልክላቸዋለን፤ ማታ፣ ከአዘዞ ተነስተው ይሞክሩት።