ፎቶ ኮፒ ቤት ተከፍቶ የቀረው ቴሌግራም

«ጋሼ፣ ቴሌግራም ከአዲስ መሣሪያ ወደ አካውንትሽ ተገብቷል አለኝ። ቦታው አዲስ አበባ ነው ይላል፣ ሰዓቱ 7:20። እኔ በዚያ ሰዓት እዚሁ ጅማ ቤቴ ምሳ እየበላሁ ነበር። ደንግጬ የጂሜሌን ፓስዎርድ ቀየርኩ። ይበቃል?»

አይበቃም። ጂሜልና ቴሌግራም ሁለት የተለያዩ ቤቶች ናቸው። የአንዱን ቁልፍ ብትቀይሪ ሌላው እንደተከፈተ ነው። እንዲያውም ቴሌግራም አንቺ ራስሽ ካላወጣሽለት ፓስዎርድ የሚባል ነገር የለውም። የሚገባበት በስልክ ቁጥርና በሚላክ ኮድ ነው፣ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየውን QR ኮድ በስልክ በማንሳት።

አሁን መልእክቱን ረጋ ብለሽ እንደገና አንብቢው። ከሰዓቱ ጎን UTC የሚሉ ሦስት ፊደሎች አሉ። ብዙ ሰው ሳያያቸው ያልፋል። ያ የዓለም የጋራ መነሻ ሰዓት ነው እንጂ የእኛ ሰዓት አይደለም። የኢትዮጵያ ሰዓት ከUTC 3 ሰዓት ይቀድማል፣ እኛ ደግሞ ከፈረንጅ አቆጣጠር 6 ሰዓት ቀንሰን እንቆጥራለን። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰሉ ከተጻፈው ላይ 3 መቀነስ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ 7:20 የምሳ ሰዓት አልነበረም፣ ከጠዋቱ 4:20 ነበር። ቀንሰሽ ከዜሮ በታች ከወረደ 12 ደምሪበት፣ ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12 ቀንሺለት።

ከጠዋቱ 4:20 ላይ የት እንደነበረች ጠየቅኳት። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታ የሥራ ማመልከቻዋን ፕሪንት ስታስደርግ ነበር። ፋይሉ ቴሌግራሟ ውስጥ ስለነበር እዚያው ኮምፒውተር ላይ ከፈተችው። «አዲስ» የተባለው መሣሪያ እሱ ነው።

አዲስ አበባ የሚለውስ? ቴሌግራም ቦታውን የሚገምተው ከኢንተርኔት አድራሻው ነው። ያ አድራሻ የሚመዘገበው በኔትወርኩ ስም እንጂ በምትቀመጪበት ሰፈር አይደለም። ጅማ ሆነሽ አዲስ አበባ ቢልሽ አይግረምሽ። ቪፒኤን ከፍተሽ ከሆነማ ሆላንድ ወይም ጀርመን ሊልሽ ይችላል። እኔ ከቦታው ይልቅ የመሣሪያውን ስም ነው የማየው። አንድ የአንድሮይድ ስልክ ብቻ ላላት ልጅ Chrome እና Windows ተጽፎ ከመጣ፣ የሆነ ኮምፒውተር ላይ ተገብቷል ማለት ነው። የቀረው የማን ኮምፒውተር ነው የሚለው ነው።

እዚህ ጋ አብዛኛው ሰው «እኔው ነኝ ለካ» ብሎ እፎይ ይላል። መልእክቱንም ይረሳዋል። በእኔ እምነት ከባዱ ስህተት ይሄ ነው።

እኔ ራሴ ተበልቼበታለሁ። አንድ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ወርጄ፣ በመንገዴ አንድ ቤት ገብቼ ሁለት ገጽ ፕሪንት አደረግሁ። መልእክቱ መጣ፣ እኔ መሆኔን ስለማውቅ ዝም አልኩት። ከአራት ቀን በኋላ አጎቴ ደወለ። «አንተ ልጅ፣ 3,000 ብር አስቸኳይ ያልከኝ ለምንድን ነው?» ለሌሎች ስድስት ሰዎችም ተጽፎ ነበር። አንዷ ልካለች። በዚያ ቀን ግን ስልኬ ላይ ምንም ማስጠንቀቂያ አልመጣም። ሊመጣም አይችልም ነበር። ማስጠንቀቂያው የሚመጣው በሩ ሲከፈት ብቻ ነው። በተከፈተው በር ማን እንደገባና ምን እንዳደረገ አይናገርም። በሩን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ፣ ሳልዘጋው ሄድኩ፣ ቀጥሎ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ገባበት።

ብሮውዘሩን በX መዝጋት ደግሞ መውጣት አይደለም። በማግስቱ ያው ገጽ ሲከፈት ቴሌግራምሽ ተዘርግቶ ይጠብቃል። ያልተነካ መሣሪያን ቴሌግራም በራሱ የሚያስወጣው ቅንብሩን ካልቀየርሽው ከ6 ወር በኋላ ነው። በየቀኑ የሚከፈት ከሆነ ያም አይመጣም።

እንግዲህ መደረግ ያለበት ይህ ነው። ስልክሽን አንሺ፣ ቴሌግራም ውስጥ Settings ቀጥሎ Devices ግቢ። መልእክት ውስጥ ሊንክ ከመጣልሽ አትንኪው፣ በራስሽ እጅ ግቢ። የገቡት መሣሪያዎች በሙሉ እዚያ ተዘርዝረዋል። ከላይ ያለው የያዝሽው ስልክ ነው። ከስሩ Terminate All Other Sessions የሚለውን ስትጫኚ ሌላው ሁሉ በአንዴ ይወጣል። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለውም።

ይህን ከማድረግሽ በፊት ግን ከራስሽ ስልክ እንዳትወጪ። ቴሌግራሙንም እንዳታጠፊው። ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ ሌሎቹን እንዲያስወጣ የሚፈቅደው ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። ሌባው ዛሬ ከገባ አንቺን ወዲያው ማባረር አይችልም፣ አንቺ ግን ትችያለሽ። ወጥተሽ ከተመለስሽ ግን አዲሷ አንቺ ትሆኛለሽ፣ ነባሩ ደግሞ እሱ። ጨዋታው ተገለበጠ ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር Two-Step Verification ነው። ከኮዱ በተጨማሪ አንቺ ብቻ የምታውቂው ፓስዎርድ ይጠይቃል። ስታወጪው ኢሜይል ይጠይቅሻል፣ አትዝለይው። ፓስዎርዱን ብትረሺ የሚያድንሽ እሱ ነው።

ዘግተሽው ያው መልእክት ተመልሶ ከመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱን ተይው። ኮዱን እያገኘ ያለ ሰው አለ። ወይ «የተላከልሽን ቁጥር ላኪልኝ» ላለሽ ሰው ሰጥተሻል፣ ወይ ስልክሽን የሚከፍት ሰው አጠገብሽ አለ፣ ወይ ደግሞ ቴሌግራሙ የተመዘገበበት ሲም አሁን አንቺ ጋ የለም። የተተወ ቁጥር ለሌላ ሰው ተመልሶ ሊሸጥ ይችላል። ያ ከሆነ Settings ውስጥ ገብተሽ ቁጥሩን አሁን በያዝሽው ቀይሪው።

የጂሜሉን ፓስዎርድ መቀየርሽ በከንቱ አልቀረም፣ ቦታው ነው የተሳሳተው። ጂሜል ራሱ ቢያስጠነቅቅሽም ግን ፓስዎርድ ብቻውን አይበቃም። የገባ ሰው ደብዳቤሽ በሙሉ ወደ እሱ እንዲተላለፍ አድርጎ ሊሄድ ይችላል፣ ፓስዎርድ ብትቀይሪም መተላለፉ ይቀጥላል። ይህ የሚታየው ጂሜልን በኮምፒውተር ብሮውዘር ሲከፍቱ Forwarding በሚለው ቦታ ነው። የስልኩ አፕ ላይ የለም። አካውንቱ መመለሻ ተብሎ የተመዘገበው ስልክ ቁጥር የራስሽ መሆኑንም እይ።

ለፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤቶችም አንድ ነገር ልበል። ቅሬታው በደንበኛው ላይ ብቻ ሲጫን ደስ አይለኝም። ወረፋ ይዞ፣ ከኋላው ሰው ቆሞ፣ «ቶሎ በል» እየተባለ ማን ነው Log Out የሚፈልገው? የቤቱን የቴሌግራም ዩዘርኔም በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ደንበኛው ፋይሉን ከራሱ ስልክ ይልካል፣ ኮምፒውተራችሁ ላይ መግባት ሳያስፈልገው ታትምለታላችሁ። የግድ መግባት ካለበትም Incognito መስኮት ክፈቱለት፣ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። አሁን የማዘወትረው ቤት ዩዘርኔሙን ካርቶን ላይ ጽፎ ፕሪንተሩ ጎን አቁሞታል። እዚያ ከሄድኩ ወዲህ Devices ስከፍት የማየው ስልኬን ብቻ ነው።